የማርኬቲንግ ክለሳ፦ ስለ ጅምላ ነጋዴና ቸርቻሪ አምስት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

ለደብረ ማርቆስ የማታ ተማሪዎቼ፦

ባለፈው የሙከራ ፈተና ብዙዎቻችሁ “ጅምላ ነጋዴ ትልቅ ሱቅ ያለው፣ ቸርቻሪ ትንሽ ሱቅ ያለው ነው” ብላችሁ ጽፋችኋል። በሱቁ ስፋት አትለዩ። ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ገዢው ማን ነው? የገዛውንስ ምን ሊያደርገው ነው? እነዚህን ይዛችሁ ከታች ያሉትን ሥሩ።

ጥያቄ 1። አዲስ አበባ ያለ የሳሙና ፋብሪካ ለማርቆስ ጅምላ ነጋዴ ይሸጣል። ጅምላ ነጋዴው ሉማሜ ላለ ባለሱቅ ያከፋፍላል። ከባለሱቁ ደግሞ አንዲት እናት ለቤቷ ትገዛለች። የስርጭት መስመሩ ስንት ደረጃ አለው?

መልስ፦ ሁለት። አራት ያላችሁ ፋብሪካውንና እናትየዋን ቆጥራችሁ ነው። አምራችና ሸማች የሌሉበት መስመር ስለሌለ እነሱ አይቆጠሩም፤ የሚቆጠረው መሀል ያለው ነው። ፋብሪካው ራሱ ለባለሱቁ ቢያደርስ አንድ ደረጃ ይሆናል። ማሩን ቆርጦ ገበያ አውጥቶ ለበላተኛው የሚሸጥ ገበሬ ዜሮ ደረጃ ነው።

ጥያቄ 2። አንድ የማርቆስ ነጋዴ ጠዋት አሥር ካርቶን ዘይት ለባለሱቅ ሸጠ። ከሰዓት ጎረቤቱ ለልጁ ክርስትና አንድ ካርቶን ገዛው። ሁለቱም የጅምላ ሽያጭ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። የጠዋቱ ጅምላ ነው፤ ገዢው መልሶ ሊሸጠው ነውና። የከሰዓቱ ችርቻሮ ነው፤ ካርቶን ሙሉ ቢሆንም ዘይቱ እዚያው ቤት ያልቃል። ነጋዴው ራሱ የሚመደበው አብዛኛው ሽያጩ ወዴት እንደሚሄድ ታይቶ ነው።

ጥያቄ 3። ሁለቱ በሥራ በምን ይለያያሉ?

መልስ፦ ጅምላ ነጋዴው በብዛት ይገዛል፣ መጋዘን ያስቀምጣል፣ ከፋፍሎ ያስረክባል። ለባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል። ዕቃ ቢበላሽ ወይም ዋጋ ቢወርድ ኪሳራው የሱ ነው።

የቸርቻሪውን ሥራ ግን አሳንሳችሁ አትዩት። ሰፈራችሁ ያለውን ባለሱቅ ቆማችሁ ተመልከቱት። ረጅሙን ሳሙና በቢላ ቆርጦ ግማሹን ይሸጣል። ስኳር በፌስታል መዝኖ፣ ጨውና ክብሪት ጨምሮ ለአንድ ልጅ ያስይዛል። የእናቱን ዱቤ ደብተር ላይ ይጽፋል። ማታም ከፍቶ ይቆያል። ከተለያየ ቦታ የመጣውን ዕቃ አንድ ቦታ ሰብስቦ ቤት ድረስ የሚያቀርበው እሱ ነው። የትኛው ዱቄት እንደተጠላ መጀመሪያ የሚሰማውም እሱ ነው።

ጥያቄ 4። የቢቸና ገበሬ ጤፉን ለማርቆስ ጅምላ ነጋዴ ሸጠ። ነጋዴው 80 ኩንታል ጭኖ እህል በረንዳ ላለ ደላላ ላከ። ደላላው በኩንታል 30 ብር እየታሰበለት ለወፍጮ ቤት አሻሻጠ። ወፍጮ ቤቱ ለሸማች ቸረቸረ። መኪናው የዓባይን በረሃ ሲያቋርጥ ዋጋው በኩንታል 100 ብር ወረደ። ደረጃው ስንት ነው? የከሰረውስ ማን ነው?

መልስ፦ ሦስት ደረጃ፤ ጅምላ ነጋዴ፣ ደላላ፣ ወፍጮ ቤት። 8,000 ብር የጎደለበት ጅምላ ነጋዴው ነው፤ ጤፉ በዚያች ሰዓት ንብረቱ ነበር። ደላላው ግን 2,400 ብሩን ይቀበላል። ገዢና ሻጭ ያገናኛል እንጂ ዕቃው የሱ ሆኖ አያውቅም። ፈተና ላይ “ወኪልና ደላላ ከነጋዴ በምን ይለያሉ?” ከተባላችሁ በባለቤትነት ጀምሩ።

ጥያቄ 5። “ጅምላ ነጋዴ ቢቀር ዋጋ ይረክሳል።” ትስማማላችሁ? አብራሩ።

መልስ፦ ሰውየውን ማስቀረት ይቻላል፣ ሥራውን ግን አይቻልም። አምስት ፋብሪካና ሃያ ባለሱቅ አስቡ። ሁሉም በቀጥታ ቢገበያዩ 100 ግንኙነት ያስፈልጋል። አንድ ጅምላ ነጋዴ መሀል ቢገባ 25 ይበቃል። የሞጣ ባለሱቅ ለሦስት ካርቶን ሳሙና አዲስ አበባ ቢወርድ ሱቁ ተዘግቶ ይውላል፣ ያድራል፤ የመኪናና የአልጋ ወጪው ሳሙናው ላይ ይጫናል። ማጓጓዙን፣ ማከማቸቱን፣ ዱቤውን አንዱ መሸከሙ አይቀርም።

ይህ ማለት ግን መሀል የገባ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ሳያጓጉዝ፣ ሳያከማች፣ ገዢ ሳያገናኝ ዋጋ ብቻ ጨምሮ የሚያሳልፍ ካለ፣ እሱ ሲወጣ በእርግጥም ዋጋ ይቀንሳል። ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ሁለቱንም ለጻፈ ነው።

ለሐሙስ ይህን ሠርታችሁ ኑ፤ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡና ባለሱቁን ከማን እንደሚያመጣው ጠይቁት። መስመሩን እስከ አምራቹ ሳሉ። በየመሀሉ ዕቃው የማን ንብረት እንደነበር ጻፉበት።