ጉዳዩ፦ የቢሮ ሰዓት ቀጠሮ ጥያቄ (ማክሰኞ ማርች 3 ወይም ሐሙስ ማርች 5)፤ የጉማራ የዝናብ መረጃ

ሰኞ፣ ፌብሯሪ 23 ቀን 2026

ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር፣

ሰላማዊት ነኝ፤ ከውሃ ሀብት ምህንድስና የማስተርስ ተማሪዎችዎ አንዷ። ባለፈው ሴሚስተር የሃይድሮሎጂ ሞዴሊንግ ኮርስዎን ወስጃለሁ። በመስኮቱ በኩል እየተቀመጥኩ ስለ ጣና ገባር ወንዞች በየሳምንቱ የምነዘንዝዎት እኔ ነኝ። ጃንዋሪ ላይ ኮሪደር ላይ ቆመን ስናወራ የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ በሐሳብ ደረጃ ተቀብለውልኛል። ያኔ «ዝርዝሩን በአማርኛም ቢሆን ጻፊልኝ፣ ብቻ ግልጽ ይሁን» ስላሉኝ ይኸው በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ለጸሐፊዋ የሚሄደውን አጭር የቀጠሮ ጥያቄ ግን በጀርመንኛ ለብቻው ልኬያለሁ።

ትምህርት ዝግ በሆነበት በዚህ ወቅት የቢሮ ሰዓትዎ በቀጠሮ ብቻ መሆኑን በርዎ ላይ አንብቤያለሁ። 30 ደቂቃ ቢሰጡኝ ይበቃኛል። ለእኔ የሚመቹኝ እነዚህ ናቸው፦

ማክሰኞ ማርች 3፣ ከ14:30 እስከ 15:00
ሐሙስ ማርች 5፣ ከ10:00 እስከ 10:30
ሁለቱም ካልሆኑ፣ ማክሰኞ ማርች 10፣ ከ15:00 እስከ 15:30

ሰዓቱን ሆን ብዬ በጀርመን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን «8 ሰዓት ላይ ነይ» ብለው ጽፈውልኝ፣ እኔ ደግሞ ከአገሩ ጋር ልመሳሰል ብዬ ጠዋት በ08:00 መጥቼ በርዎ ላይ እንደተገተርኩ ያስታውሱ ይሆናል። እርስዎ የመጡት በእኛው 8 ሰዓት ነበር። ያ ቀን አይደገምም።

ከሦስቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም የመመረቂያ ጽሑፍ መመዝገቢያ ቅጹን እስከ ዓርብ ማርች 13 ለፈተና ጽሕፈት ቤቱ ማስገባት አለብኝ። ቅጹ ላይ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ርዕሱን መቀየር ጣጣው ብዙ ነው። ፊርማውን ከመጠየቄ በፊት ግን ያልገባኝ ነገር አለ፤ ዋናው የመምጣቴ ምክንያትም እሱ ነው።

እንደሚያውቁት ከጉና ተራራ ተነስቶ ጣና የሚገባውን የጉማራን ወንዝ ፍሰት በስዋት ሞዴል ለማስላት ነው የተነሳሁት። ዕቅዴ ሞዴሉን አንድ ጊዜ በጣቢያዎች ዝናብ፣ አንድ ጊዜ በሳተላይት ዝናብ አስኬጄ ማወዳደር ነበር። ለሳተላይቱ የመረጥኩት ቺርፕስን ነው፤ ከ1981 ጀምሮ አለ፣ በ0.05 ዲግሪም ለእንደዚህ ያለ ትንሽ ተፋሰስ አያንስም።

ታዲያ የዕለት ዝናቡን ከጣቢያዎቹ ጋር ሳስተያየው ውጤቱ አሳፋሪ ሆነ። በአንደኛው ጣቢያ የክረምቱ ተዛምዶ 0.21 ብቻ ነው። ለሁለት ሳምንት ኮዴን ስመረምር ከረምኩ፤ ስህተት አጣሁበት። አንድ ማታ እንዲያው ተስፋ ቆርጬ የጣቢያውን ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ሳብኩት። ተዛምዶው ወደ 0.48 ዘለለ!

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ደነገጥኩ፤ እስካሁን የሠራሁት በሙሉ በተዛነፈ ቀን ላይ ነበራ።

እኔ የገመትኩት ይህን ነው። የዝናብ መለኪያው የሚነበበው ከጠዋቱ በእኛ 3 ሰዓት ነው። በዚያ አካባቢ ክረምት ላይ ዝናቡ ባብዛኛው የሚጥለው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ስለዚህ የሰኞ ከሰዓት ዝናብ ማክሰኞ ጠዋት ይነበብና በማክሰኞ ስም ይመዘገባል። ሳተላይቱ ግን ሰኞ ነው የሚለው። ጉማራ ከላይ ቁልቁለታማ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ነው የሚደርሰው፤ የአንድ ቀን መዛነፍ ለእሱ ቀላል አይደለም። ሞዴሌ ላይ አንዳንዴ የተለካው ጎርፍ ከዝናቡ ቀድሞ ይመጣል።

እዚህ ላይ እርስዎ ምን እንደሚሉ ይታወቀኛል፦ «ቺርፕስ ራሱ እኮ የአምስት ቀን ድምር ነው፣ በኋላ ነው በቀን በቀን የሚከፋፈለው፤ ጥፋቱ የእሱ ቢሆንስ?» ትክክል ነው። ስለዚህ በሌላ የሳተላይት ዝናብ፣ በአይመርግም ሞከርኩት። እሱ በየግማሽ ሰዓቱ ስለሚሰጥ ዕለቱን ከ06:00 እስከ 06:00 ዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እስከ ማግስቱ 3 ሰዓት አድርጌ ደመርኩት። ከሦስት ጣቢያዎች ሁለቱ ግምቴን አጸኑልኝ።

ሦስተኛው ነው ያስቸገረኝ። እስከ 2008 ድረስ ቀኑ ሳይነካ ከሳተላይቱ ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሚገጥሙት አንድ ቀን ወደ ኋላ ሲሳቡ ነው። መዝጋቢው ሰው የተቀየረ ይመስለኛል፤ የቀድሞው ያነበበውን በትናንትናው ቀን ስም ይጽፍ ከነበረ ነገሩ ይገጥማል። ግን ይህ ግምት ነው፤ በግምት ደግሞ የሰው መዝገብ መነካካት አልደፈርኩም።

ስንገናኝ እንዲወስኑልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ የሦስቱንም ጣቢያዎች ቀን አርሜ ልቀጥል ወይስ ሦስተኛውን ጣቢያ ልተወው? ከተውኩት ከላይኛው ተፋሰስ አንድ ጣቢያ ብቻ ነው የሚቀረኝ። ወይስ ይሄ የቀን ጉዳይ ራሱ የጽሑፉ አንድ ምዕራፍ ይሁን? እውነቱን ልንገርዎት፣ ልቤ ያለው የመጨረሻው ላይ ነው። የዕለት ዝናብን ከሳተላይት ጋር የሚያወዳድር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባ ነገር ሆኖ ታይቶኛል። ከተስማሙ የርዕሱ አንድ ሁለት ቃል ይለወጣል፤ ለዚህ ነው ከምዝገባው በፊት የቸኮልኩት።

ጊዜ ከተረፈን ስለ ፍሰቱም አንድ ጥያቄ አለኝ። በትልልቅ ጎርፍ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ወደ ፎገራ ሜዳ ይፈስሳል፤ በዚያን ጊዜ የወንዙ መለኪያ የሚያሳየውን ቁጥር ምን ያህል ልመነው? ካልደረሰን ግን ሌላ ቀን ይቆይ።

ሦስት ሥዕሎችና የምዝገባ ቅጹን አባሪ አድርጌያለሁ። ከሥዕሎቹ ሁለተኛውን ብቻ ቢያዩት ይበቃል፤ የ2008ቱ ለውጥ በግልጽ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ላፕቶፔን ይዤ ስለምመጣ ማየት የሚፈልጉትን ዓመት እዚያው አወጣዋለሁ።

ከተማው ውስጥ የማይኖሩ ከሆነ በቪዲዮም ይሆናል። በአካል ቢሆን ግን ደስ ይለኛል፤ ሥዕሉን አብረን እያየን በጣት መጠቆም ይቀላል። ረቡዕና ዓርብ ሥራ ስላለኝ ከ17:00 በፊት አልችልም፤ ሌላውን ቀን እርስዎ በመረጡት ሰዓት እገኛለሁ። እስከ ዓርብ ፌብሯሪ 27 አንድ መስመር ቢጽፉልኝ የሥራ ፈረቃዬን አስተካክላለሁ።

ኢሜይሉ ስለረዘመብዎት ይቅርታ። በቢሮዎ ያለንን 30 ደቂቃ ታሪክ በመንገር እንዳልጨርሰው ብዬ ነው።

ከወዲሁ መልካም የዓድዋ በዓል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት
የማስተርስ ተማሪ፣ 3ኛ ሴሚስተር