የጥላ ሱቅ ማስታወቂያ፦ ስቶሪቦርድና የሾት ዝርዝር

ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ርዝመት፦ 20 ሰከንድ፣ ለቲክቶክና ለቴሌግራም፣ በቁም (9:16)። በስልክ ነው የምንቀርጸው፤ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50። ከዚህ ከወጣ የሱቁ መብራት ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል።

ሐሳቡ አንድ ነው፦ ቀትር ላይ ከተማው ሲያሸልብ ይህ ሱቅ ክፍት ነው። ስለ ሩዙም ስለ ሳሙናውም አናወራም። ባለሱቋ ሁሉም ዕቃ ይታይልኝ ብለዋል፤ ከጀርባ መደርደሪያው ላይ ይታያል፣ ይበቃል።

ሾት 1 (3 ሰከንድ)፣ ሰፊ
የከዚራ መንገድ፣ ዛፎቹ ግራና ቀኝ። በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ሰው የለም። ካሜራው አይንቀሳቀስ።

ሾት 2 (2 ሰከንድ)፣ ቅርብ
የቆመ ባጃጅ። ሾፌሩ ከኋላ ወንበር ተኝቷል፤ የሚታየው ወደ ውጭ የተንጠለጠለ እግሩ ብቻ ነው። ነጠላ ጫማው ሊወድቅ ደርሷል።

ሾት 3 (4 ሰከንድ)፣ ከመሬት ዝቅ ብሎ፣ እየተከተለ
አሥር ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ፣ ብር ጨብጣ። ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ እየዘለለች ትሮጣለች። ፀሐይ ላይ ፈጽሞ አትቆምም። ማስታወቂያውን የሚሸከመው ይህ ሾት ስለሆነ ደጋግመን እንቀርጸዋለን። ልጅቷ እንዳትደክም በየመሃሉ ትረፍ፤ እናቷም ከአጠገቧ አትለይ።

ሾት 4 (4 ሰከንድ)፣ ከወገብ በላይ፣ የሱቁ መስኮት
ልጅቷ፦ «እትዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለሽ?»
ባለሱቋ፦ «አለ አቦ! ስንት ልስጥሽ?»
«አለዎት» አታስብሏት፤ የድሬ ልጅ እንደዚያ አትልም። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ የባለሱቋ ዓይን ይጨልማል። ነጭ አንሶላ ከታች ዘርጉ፤ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልሳል። ፍሪጁ እንዳይጮህ ለዚህ ሾት ይነቀል። የነቀለው ሰው የባጃጁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጥ፤ መልሶ ሳይሰካ መሄድ አይችልም።

ሾት 5 (2 ሰከንድ)፣ በጣም ቅርብ
እጅ ጠርሙስ ሲያወጣ። ጠብታው ቶሎ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ከውሃ ጋር ቀላቅለን እንረጫለን። የውሃው ስም ወደ ኋላ ይዙር፤ የሰው ምርት በነፃ አናስተዋውቅም። የፍሪጁን መስታወት ፊት ለፊት ብትቀርጹት ራሳችሁን ታያላችሁ፣ በሰያፍ ይሁን።

ሾት 6 (3 ሰከንድ)፣ መካከለኛ
ልጅቷ ጠርሙሱን ጉንጯ ላይ ትለጥፋለች። ከኋላዋ ሾፌሩ ቀና ይላል፦ «ወሪያ! ለኔም አንድ!»

ሾት 7 (2 ሰከንድ)
የሱቁ ፊት። ጽሑፍ፦ «ጥላ ሱቅ፣ ከዚራ። በቀትርም ክፍት ነን።» ዋጋ አይጻፍ፤ በሳምንቱ ይቀየራል።

የቀረጻ ቅደም ተከተል፦ ሾት 5 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ሳይጨናነቅ። ሾት 1፣ 2 እና 3 ከ7 ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎ 4 እና 6። ሾት 7 መጨረሻ፣ 11 ሰዓት ገደማ፤ ግን ከጀርባ የጎረቤት ሱቆች ክፍት ሆነው እንዳይታዩ ፍሬሙን አጥብቡት።