ማንኪያ በማንኪያ

ሰሚር ተቅማጥ የያዘው ከቀትር ጀምሮ ነው። ከሰዓት በኋላ አዝዬው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሁለት ከረጢት ኦአርኤስና ለአስር ቀን የሚሆን የዚንክ እንክብል ሰጠችኝና በሩ ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ «ቢያስመልሰውም እንዳታቆሚ» አለችኝ። ማስመለስ የጀመረው ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። የጠባውን ሁሉ ነጠላዬ ላይ አወረደው።

አባቱ የሌሊት ተረኛ ነው፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሄዷል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ልጄና አማቴ እማማ ከድጃ ብቻ ነን። ወሩ ነሐሴ ነው። ጦሳ በጉም ከተሸፈነ ሰንብቷል፤ የታጠበ ጨርቅ አይደርቅም፤ የደሴ ብርድ ከወለሉ ይነሳል።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በስልኬ ብርሃን እጄን በሳሙና ታጠብኩ። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ለካሁና አንዱን ከረጢት ሳልከፍል ሙሉውን በጠበጥኩት። ቀመስኩት፤ ጨውነቱ የእንባ ያህል ነው። በስኒ ሳቀርብለት በጉጉት ጨለጠው። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሁሉንም መለሰው።

«ተይው ዘሀራ፣ ሆዱ ይረፍ» አሉ እማማ ከመደባቸው። «ባጠጣሽው ቁጥር አይደል እንዴ የሚወርደው?»

አልመለስኩላቸውም። እማማን እወዳቸዋለሁ፤ ከክፋት እንዳልተናገሩም አውቃለሁ። ልጁ ግን የሚጠጣውን ብንከለክለው ተቅማጡ አይቆምም፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ሳይተካ ይቀራል እንጂ። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ስኒውን አስቀምጬ የሻይ ማንኪያ አነሳሁ።

አንድ ማንኪያ ሰጥቼው ጥቂት ቆየሁ። ደግሜ ሰጠሁትና ቆየሁ። አልወጣም። ሦስተኛ። መቁጠር የጀመርኩት እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነበር፤ በኋላ ግን ቁጥሩ ራሱ ገመድ ሆነልኝ፤ እሱን ይዤ ሌሊቱን ወደ ፊት ተጎተትኩ። አርባ ላይ አስመለሰው። አሥር ደቂቃ ጠብቄ ከአንድ ጀመርኩ። በመሃል ጡቴን ሰጠሁት። ጨርቁን ቀየርኩ፤ ንጹህ ጨርቅ ሲያልቅብኝ የራሴን ሻሽ ቀደድኩለት። ከእያንዳንዱ ጨርቅ በኋላ እየታጠብኩ ከጄሪካኑ ውሃ ገሚሱ አለቀ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኖቹ የገቡ መሰለኝ። የስልኩ ብርሃን ይሁን፣ ፍርሃቴ ይሁን፣ አልለየሁም። ነርሷ እንዳሳየችኝ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ለቀቅኩት። ወዲያው ተመለሰ። እንደገና ቆነጠጥኩት፤ አሁንም ተመለሰ። ቆዳው ቢዘገይ፣ ወይም ማንኪያውን መቀበል ቢያቅተው፣ አንድ ደቂቃ አልጠብቅም ነበር። ባጃጅ ለሚነዳው ጎረቤታችን ደወልኩለት፤ «ልብሴን ለብሼ ነው የምተኛው፣ ጥሪኝ ብቻ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ልጄ ከማታ ጀምሮ አንድም ጊዜ ሽንት አልሸናም።

እማማ ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«ሩቅያ የምትባል ልጅ ነበረችኝ» አሉ በመጨረሻ። ስሟን ሰምቼ አላውቅም። «ሁለት ዓመቷ ነበር። እንደዚሁ ያዛት። ውሃ ውሃ ስትለኝ ከለከልኳት። ሆዷ እንዲደርቅ ብዬ ነው። እንስራውን በእጇ እያሳየችኝ ነበር።»

የምለው ጠፋኝ። እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ከእጄ አውጥተው ተነሱ፤ በጨለማ ውስጥ ውሃና ሳሙና ሲፈልጉ፣ ታጥበው እጃቸውን ሲያራግፉ ሰማሁ። ተመልሰው መጡና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ማንኪያውን ስጪኝ። ስንት ደርሰሻል?»

«ሃያ ስድስት፣ እማማ።»

«ሃያ ሰባት» አሉና ወደ ሰሚር ጎንበስ አሉ።

እንቅልፍ መቼ እንደጣለኝ አላውቅም። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል የሱብሂ አዛን ቀሰቀሰኝ፤ ከወዲያ ማዶ የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴም ይሰማል። ደንግጬ ቀና አልኩ። ጠርሙሱ ከገሚስ በታች ወርዷል። ሰሚር እማማ ጭን ላይ ተኝቶ በእርጋታ ይተነፍሳል። እሳቸው የአዛኑን ድምፅ እየሰሙ አልተነሱም፤ እንደ ተቀመጡ ናቸው።

«እማማ፣ እኔ ልያዘው፣ እርስዎ ይስገዱ።»

«መጀመሪያ መታጠብ አለብኝ» አሉ በሹክሹክታ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሏል። የእኔን እጅ ወስደው ቀሚሳቸው ላይ አኖሩት። ርጥብና ሙቅ ነበር።

«ሸናብኝ» አሉ። «ዘሀራ፣ ሸናብኝ።»