በጽሑፍ ምዘና ላይ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠኝ የቀረበ ይግባኝ

ቀን፦ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙያ ብቃት ምዘናና ማረጋገጫ መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ በዓይን ጉዳት ምክንያት ተጨማሪ የፈተና ሰዓት እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ትዕግሥት ውበቱ የማቻከል ወረዳ፣ አማኑኤል ከተማ ነዋሪ ነኝ። መጋቢት 11 ቀን በሒሳብ ሥራ ደረጃ 4 ተመዝኛለሁ። የተግባሩን አልፌያለሁ። በጽሑፉ ግን «ገና ብቁ አይደለችም» ተባልኩ።

በልጅነቴ የዓይን ማዝ ይዞኝ፣ ሳልታከም ቆይቼ ጠባሳ ጥሎብኛል። ግራ ዓይኔ ብርሃን ከመለየት አያልፍም። የቀኙ በመነፅርም 6/36 ነው፤ ጤነኛ ዓይን ከ36 ሜትር የሚያየውን እኔ 6 ሜትር ድረስ ተጠግቼ ነው የማየው። የማነበው በእጅ ማጉያ ነው። ሠንጠረዥ ሲሆን ይብስብኛል። ዴቢቱን አይቼ ክሬዲቱ ጋ እስክደርስ መስመሩ ይጠፋኛል፤ እንደገና ከጫፍ እጀምራለሁ።

ፈተናው 80 ጥያቄ ነበር፤ የተሰጠን 2 ሰዓት። ወረቀቱ ሲሰበሰብ 52ኛው ላይ ነበርኩ። ከነዚያ 41ዱን አግኝቻለሁ። የቀሩትን 28 ጥያቄዎች ግን ጭራሽ አላየኋቸውም። መቼም የሒሳብ ሰው ነኝና ላስላው፦ 120 ደቂቃ ለ52 ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ 2.3 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። 80ውን ለመጨረስ 185 ደቂቃ ያስፈልገኛል። የምጠይቀው 3 ሰዓት ነው፤ የቀረችውን 5 ደቂቃ እኔው እቻላታለሁ።

ከፈተናው በፊት የሐኪም ወረቀቴን ይዤ በቃል ጠይቄ ነበር። «ሰዓት ለሁሉም እኩል ነው፤ ላንቺ ብናራዝም ሌላው ምን ይላል?» አሉኝ። በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ተጨማሪ ሰዓት መልስ አይነግረኝም፤ ጥያቄውን እንዳነብ ብቻ ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ንዑስ አንቀጽ 5 ለሙያ ሥልጠናም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። ይህን መንፈግ አድልዎ መሆኑንም አንቀጽ 2 ይናገራል። ኮሌጅ ሳለሁ በየፈተናው ግማሽ ሰዓት ሲጨመርልኝ ማንም ቅር ሲለው አላየሁም።

ስለዚህ በሰኔው ዙር የጽሑፉን ምዘና በ3 ሰዓት እንድወስድ፣ ወረቀቱም በ18 ቁመት ፊደል ታትሞ እንዲሰጠኝ፣ መቀመጫዬም መስኮት አጠገብ እንዲሆን እጠይቃለሁ። የምሠራበት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ኮንትራቴ ሐምሌ ላይ ያልቃል፤ ያለ ሰርተፊኬቱ ቋሚ አያደርጉኝም። ምዝገባው ሳይዘጋ መልሱን በጽሑፍ ብታሳውቁኝ ለትራንስፖርት የማወጣውም ይተርፈኛል።

የሕክምና ቦርድ ማስረጃ 2 ገጽ፣ የኮሌጁ ሬጅስትራር ደብዳቤ 1 ገጽ እና የመጋቢቱን ውጤት ኮፒ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ትዕግሥት ውበቱ

ግልባጭ፦
ለተማርኩበት ኮሌጅ ሬጅስትራር