ጥቅምት 11 ስላመለከትኩት የሲኒየር አካውንታንት ቦታ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሰናይት፣

ቤዛ እባላለሁ፣ ለሲኒየር አካውንታንት ቦታ ጥቅምት 11 ማክሰኞ ያመለከትኩት ነኝ። ዛሬ ልክ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ማስታወቂያው ላይ "ለተመረጡ ብቻ ይደወላል" የሚል ነገር ስላልነበረ ዝምታውን መልስ ነው ብዬ ልውሰደው ወይስ ገና እያያችሁ ነው የሚለው ግራ ስለገባኝ ነው የምጽፍልዎት፣ ካበዛሁት ይቅርታ።

ማመልከቻዬ ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንደኛው በዚሁ ኢሜል የላኩት ነው፣ ሌላው ደግሞ ቢሮ ድረስ መጥቼ ያስገባሁት ካኪ ፖስታ ሲሆን ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ መዝገብ ላይ 63 ቁጥር ሰጥታኝ ጠረጴዛው ስር ያለ የውሃ ካርቶን ውስጥ ጨመረችው፣ ካርቶኑ ያኔውኑ ሞልቶ ስለነበር የኔን ለማስገባት በጉልበቷ ገፋ ማድረግ ነበረባት። እውነቱን ለመናገር ከዛ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ላይ ያለው እሱ ካርቶን ነው 😅 እና ፖስታው እዛው ቀርቶ ከሆነ ብዬ ሁሉንም እንደገና አያይዤዋለሁ። ደግሞ የኔም ጥፋት አለበት፣ የላኩትን ኢሜል ትናንት ከፍቼ ሳየው የሥራ ልምዴ ሁለተኛ ገጽ ስካን ሲደረግ ተዘሏል፣ ማህተሙና ፊርማው ያለው ደግሞ እሱ ገጽ ላይ ነው። ሂሳብ ሰርታ የምትበላ ሰው ይሄን መሳሳቷ ያሳፍራል፣ ግን ዝም ከምል ብነግርዎት ይሻላል ብዬ ነው፣ አሁን ሙሉው አለ።

አሁን ለምን ጻፍሽ ካሉኝ ዋናው ምክንያት ኮንትራቴ ነው። አሁን ባለሁበት ድርጅት ጥቅምት 30 ያልቃል፣ ለአንድ ዓመት ማደስ አለማደሴን ደግሞ እስከ አርብ ጥቅምት 28 በጽሁፍ አሳውቂ ተብያለሁ። ለእርስዎ ቀን ልቆርጥልዎት ፈልጌ አይደለም፣ የናንተን ሥራ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ግን ከፈረምኩ በኋላ ብትጠሩኝ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነው የምወጣው፣ እናንተ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ቶሎ መጀመር የሚችል ነው ያላችሁት። ካልፈረምኩ ከህዳር 1 ጀምሮ ነፃ ነኝ፣ ክሊራንሱም ችግር የለውም፣ በእጄ ያለ ንብረት አንድ ላፕቶፕና የካዝና ቁልፍ ብቻ ነው።

ሲቪዬ ላይ "ፔይሮል ሰርቻለሁ" ብቻ ብዬ ነው ያለፍኩት፣ ሁሉም ሰው የሚጽፋት ነገር ስለሆነች አንድ ነገር ልጨምርበት። ሐምሌ 2017 ላይ አዲሱ የገቢ ግብር መጥቶ ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲወጣ እኛ ጋ የ84 ሰው ፔይሮል በድሮው ቀመር ኤክሰል ላይ አልቆ ለፊርማ ሊወጣ ነበር። እኔ ነኝ ያስቆምኩት፣ ሰንጠረዡን ለብቻው ሺት ላይ አውጥቼ ቀመሩ ከዛ እንዲያነብ አደረግኩት፣ ነገ ደግሞ ቢቀየር 84 መስመር መነካካት የለም፣ ሰንጠረዡን ማስተካከል ብቻ ነው። ከዛ አንዱ ሾፌራችን 10,000 ብር ደሞዝ ያለው መጥቶ "እህቴ 395 ብር ትርፍ ገብቶልኛል፣ በኋላ እንዳትቆርጡብኝ አሁኑኑ ልመልስ" አለኝ 😂 ቁጭ አድርጌ በካልኩሌተር አሳየሁት፣ ድሮ ግብሩ 2,045 ነበር አሁን 1,650 ነው፣ የጡረታው 7 በመቶ እንዳለ ነው አልተነካም አልኩት። ማታ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰውዬው ትክክል ቢሆንስ ብዬ እንደገና ሰርቼዋለሁ፣ እንደዛ ነኝ። ፒችትሪውን፣ የቫት ዲክላሬሽኑን፣ የባንክ ማስታረቁን የመሰለው ሲቪው ላይ ስላለ አልደግመውም።

እና ወ/ሮ ሰናይት፣ ከሐሙስ በፊት አንድ መስመር ቢጽፉልኝ በጣም ነው የማመሰግነው። ገና ከሆነ "ገና ነው" ይበሉኝ፣ ቦታው ተይዞ ከሆነም ይንገሩኝ፣ አልከፋም፣ እሺ ትንሽ ይከፋኛል ግን የማድሰውን አውቄ አድሳለሁ። ፈተና ወይም ኢንተርቪው ካለ ደግሞ ነገም ተነገ ወዲያም ከ10 ሰዓት በኋላ መምጣት እችላለሁ፣ ሥራዬ እናንተ ቢሮ አካባቢ ስለሆነ በእግሬ አስር ደቂቃ ነው። በስልክ የሚቀልዎት ከሆነ ቁጥሬ ሲቪዬ ላይ ያለው ነው፣ ምሳ ሰዓት ከ6:30 እስከ 7:30 በደንብ ማውራት እችላለሁ፣ በሌላ ሰዓት ካላነሳሁ አለቃዬ አጠገቤ ስላለ ነው፣ ወጣ ብዬ መልሼ እደውላለሁ።

አክባሪዎ
ቤዛ (መዝገብ ቁጥር 63)