ለቡና ጆንያ ደንበኞቻችን፦ አዲሷን የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ እናስተዋውቃችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለ6 ዓመታት ትእዛዛችሁን ሲከታተሉ የቆዩት አቶ ዳዊት ወደ ሐዋሳ ቅርንጫፋችን ስለሚዛወሩ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወ/ሮ ሰላማዊት ሥራውን ይረከባሉ። የቃሊቲ መጋዘናችን የስርጭት ኃላፊ ነበሩ፤ ጆንያ በጥድፊያ ሲፈለግ በምሽት የምትደውሉላቸው እሳቸው ስለነበሩ ብዙዎቻችሁ ድምፃቸውን ታውቁታላችሁ።

የተጀመሩ ትእዛዞች አንዳቸውም አይስተጓጎሉም። የተስማማንበት ዋጋ፣ የከፈላችሁት ቀብድ፣ የማስረከቢያ ቀኑና በ60 ኪሎ ጆንያው ላይ የሚታተመው ምልክታችሁ እንዳለ ይቀጥላል። ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰው ጭነትም በተራችሁ መሠረት ይላክላችኋል። አዲስ ፕሮፎርማ መጠየቅ አያስፈልግም።

አቶ ዳዊት እስከ ወሩ መጨረሻ አብረዋቸው ይሠራሉ። የቢሮ ስልካችን ያው ነው። በዚህ ሳምንት ወ/ሮ ሰላማዊት ራሳቸው ይደውሉላችኋል፤ ያልተቋጨ ጉዳይ ካለ ያኔውኑ ንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር
የሽያጭ ክፍል ኃላፊ