የፈተና ድርሰት ዕቅድ፦ አራቱ የሥነ ልቦና አቀራረቦች በፍርሃት ሲፈተኑ

ጥያቄው፦ «የቢሄቪየሪስት፣ የኮግኒቲቭ፣ የሂዩማኒስቲክና የባዮሎጂካል አቀራረቦችን አነጻጽር። የእያንዳንዱን ጥንካሬና ድክመት ገምግም።» አጠቃላይ ሥነ ልቦና፣ የማጠቃለያ ፈተና፣ 25 ነጥብ፣ 50 ደቂቃ።

ጊዜ፦ 6 ደቂቃ ለዕቅድ፣ 40 ደቂቃ ለመጻፍ፣ 4 ደቂቃ ለማረም። ከ40ው ውስጥ 10 ደቂቃ ለማነጻጸሪያው አንቀጽ ይጠበቅ። ብዙ ድርሰት ነጥብ የሚያጣው እዚህ ነው፤ አራት አቀራረቦች ተራ በተራ ይተረካሉ፣ ጊዜው ያልቃል፣ ጥያቄው «አነጻጽር» ማለቱ ይረሳል።

መግቢያ (4 መስመር ይበቃል)

አቋም፦ አራቱ አቀራረቦች የሚለያዩት በመልሳቸው ብቻ ሳይሆን ማስረጃ ነው ብለው በሚቀበሉት ነገር ጭምር ነው። ቢሄቪየሪስቱ የሚታይ ድርጊትን፣ ኮግኒቲቩ ከድርጊት ተነስቶ የሚገመት ሐሳብን፣ ሂዩማኒስቱ ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገረውን፣ ባዮሎጂካሉ በአካል ውስጥ የሚለካውን ይይዛል። ለአራቱም አንድ መፈተኛ፦ ፍርሃት። ትርጉም በመደርደር አይጀመር።

አንቀጽ 1፦ ቢሄቪየሪስት

ዋና ሐሳብ፦ ባህሪ ከአካባቢ በመማር ይመጣል። የፓቭሎቭ ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ፦ ሁለት ነገሮች ተደጋግመው ሲጣመሩ አንዱ ለሌላው ምልክት ይሆናል። የስኪነር ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ፦ ባህሪ በሚያስከትለው ውጤት ይጠናከራል ወይም ይዳከማል። ዋትሰን በ1913 ሥነ ልቦና የሚታይ ባህሪን ብቻ ያጥና ብሎ መነሳቱ በአንድ ሐረግ ይጠቀስ።

ማስረጃ፦ ዋትሰንና ሬይነር፣ 1920። «ትንሹ አልበርት» በመጀመሪያ ነጭ አይጧን አይፈራም ነበር። የ11 ወር ሕፃን ሲሆን፣ አይጧ ስትቀርብለት ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ ተመታ። ከ7 ጊዜ ማጣመር በኋላ ድምፁ ባይኖርም አይጧን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፤ ፍርሃቱ ወደ ጥንቸልና ወደ ፀጉር ካፖርት ተዛመተ።

ጥንካሬ፦ ይለካል፣ ይደገማል፣ ሕክምና ወልዷል። ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 ጥንቸል የሚፈራውን ፒተርን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን ቀስ በቀስ በማቅረብ ፍርሃቱን ቀነሰችለት። የዛሬው ደረጃ በደረጃ የማላመድ ሕክምናም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ድክመት፦ አልበርት አንድ ሕፃን ብቻ ነው፤ ማመሳከሪያ የሚሆን ሌላ ሕፃን አልነበረም፤ የተፈጠረበትም ፍርሃት ሳይወገድለት ሄደ፤ የሥነ ምግባር ጥያቄው ከባድ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የጋርሲያና ኮሊንግ ጥናት ነው (1966)። አይጦቹ ጣዕም ያለው ውሃ ሲጠጡ ብርሃንና ድምፅም አብሮ ነበር። እንዲታመሙ የተደረጉት በኋላ የሸሹት ጣዕሙን ነው፤ በኤሌክትሪክ የተነዘሩት የሸሹት ብርሃንና ድምፁን ነው። ማንኛውም ነገር ከማንኛውም ነገር ጋር እኩል የሚጣመር ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልታየ ነበር። ይህ ነጥብ ሙሉ 3 መስመር ይሰጠው፤ ወደ ባዮሎጂካሉ የሚያሻግረው እሱ ነው።

ስህተት እንዳይገባ፦ ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት ቅጣት አይደለም። የሚያስጨንቅ ነገር በመወገዱ ባህሪው ሲጠናከር ነው። ውሻ የሚፈራ ሰው መንገድ ቀይሮ ሲሄድ ጭንቀቱ ይቀልለታል፤ ስለዚህ ነገም መንገድ ይቀይራል። ፍርሃቱ ሳይለቀው የሚቆይበት ምክንያት ይህ ነው።

አንቀጽ 2፦ ባዮሎጂካል

በጥያቄው ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ቢሆንም እዚህ ይግባ፤ የጋርሲያን ጥያቄ ወዲያው የሚመልሰው እሱ ነው።

ዋና ሐሳብ፦ ዘረመል፣ የአንጎል ክፍሎች፣ ነርቭ አስተላላፊ ኬሚካሎች፣ ዝግመተ ለውጥ። ሴሊግማን በ1971 እንዳቀረበው ሐሳብ፣ አያት ቅድመ አያቶቻችንን ይጎዱ የነበሩ ነገሮችን (እባብ፣ ከፍታ) ለመፍራት ዝግጁ ሆነን እንወለዳለን።

ማስረጃና ግምገማ አንድ ላይ፦ አሚግዳላ በተባለው የአንጎሏ ክፍል ላይ በሁለቱም ወገን ጉዳት የደረሰባት ኤስ.ኤም. የተባለች ታካሚ እባብና ሸረሪት ሲቀርብላት ፍርሃት አላሳየችም። ይህ ለአቀራረቡ ትልቅ ድጋፍ ነው። ነገር ግን በ2013 በታተመ ጥናት እሷና ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸው ሁለት ሰዎች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ሲስቡ በድንጋጤ ተያዙ። «አሚግዳላ የፍርሃት ማዕከል ነው» ብሎ መዝጋት ስለዚህ አይቻልም። ፈታኝ ይህን ሲያነብ ተማሪው መረጃውን መዝኖ እንደጻፈ ያያል።

ሌላ ድክመት፦ መድኃኒት ሠራ ማለት መንስኤው ታወቀ ማለት አይደለም። አስፕሪን ራስ ምታትን ያስታግሳል፤ ራስ ምታት ግን የአስፕሪን እጥረት አይደለም።

የመንታዎች ጥናት በአንድ መስመር፦ በጎተስማን ማጠቃለያ አንዱ መንትያ ስኪዞፍሬንያ ሲኖረው ሌላውም የመታመም ዕድሉ በአንድ ዓይነት መንታዎች 48 በመቶ፣ በሁለት ዓይነት መንታዎች 17 በመቶ ነው። ልዩነቱ የዘረመልን ድርሻ ይጠቁማል፤ 48ቱ 100 አለመሆኑ ደግሞ የአካባቢን።

አንቀጽ 3፦ ኮግኒቲቭ

ዋና ሐሳብ፦ ፍርሃትን የሚወስነው ክስተቱ ሳይሆን አተረጓጎሙ ነው። ክላርክ በ1986 እንዳስረዳው፣ የልብ ምቱ የፈጠነበት ሰው «ልሞት ነው» ብሎ ሲተረጉመው ጭንቀቱ ይጨምራል፣ ጭንቀቱም ምቱን ይበልጥ ያፈጥነዋል። የልብ ምቱ ራሱ ባዮሎጂካል ነው፣ ትርጉሙ ግን የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው፤ ከአንቀጽ 2 ጋር በዚህ ይያያዝ።

ጥንካሬ፦ የማይታየውን ሐሳብ በቁጥጥር ሥር ባለ ሙከራ ያጠናል። ሎፍተስና ፓልመር (1974) የመኪና ግጭት ፊልም ካሳዩ በኋላ በጥያቄው ውስጥ አንድ ግስ ብቻ ሲቀይሩ፣ በኃይል መጋጨትን የሚያመለክተው ግስ በአማካይ 40.8፣ መነካካትን የሚያመለክተው 31.8 ማይል በሰዓት የሚል ግምት አስገኘ። ከዚህ አቀራረብ የተወለደው አስተሳሰብን የማረም ሕክምና ከባህሪ ሕክምና ጋር ተጣምሮ በስፋት ይሠራበታል።

ድክመት፦ ሐሳቡ በቀጥታ አይታይም፣ ይገመታል። ሰውን እንደ ኮምፒውተር ማየቱ ስሜትን ያሳንሳል። ፊልም ያየ ተማሪ አደጋውን በዓይኑ ካየ ሰው ጋር አንድ አይደለም።

አንቀጽ 4፦ ሂዩማኒስቲክ

ፎቢያን በማብራራት ደካማው ይህ ነው፤ በግልጽ ይባል። የሚያበረክተው ሌላ ነገር ነው፦ የሰው ነፃ ፈቃድ፣ ሙሉ ሰውነቱ፣ ስለ ራሱ ያለው ምስል። ማስሎው (1943) የፍላጎት ተዋረድ፣ ጫፉ ራስን እውን ማድረግ፤ ሮጀርስ (1957) አማካሪው ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ የሌላውን ስሜት መረዳትና እውነተኛ መሆን አለበት ማለቱ።

ጥንካሬ፦ የምክር አገልግሎትን ቀይሯል። «ፀረ ሳይንስ ነው» የሚለው ክስ ሚዛን ይፈልጋል፤ ሮጀርስ የሕክምና ንግግሮችን በድምፅ ቀርፀው ለምርምር ካዋሉት ቀደምቶች አንዱ ነው።

ድክመት፦ ራስን እውን ማድረግ እንዴት ይለካል? ዋህባና ብሪድዌል በ1976 ጥናቶቹን ሲገመግሙ ለተዋረዱ ያገኙት ድጋፍ ጥቂት ነው። የባህል ወገንተኝነትም አለ፦ ታናናሾቹን ለማስተማር ብላ የራሷን ትምህርት ያቋረጠች ታላቅ እህት በዚህ መለኪያ እንደ ጎደላት ትቆጠራለች፤ በቤተሰቧ ዓይን ግን ሙሉ ሰው ናት።

ማነጻጸሪያ (10 ደቂቃ)

ነፃ ፈቃድ፦ ቢሄቪየሪስትና ባዮሎጂካል ሁለቱም ባህሪ አስቀድሞ ይወሰናል ይላሉ፤ አንዱ በአካባቢ፣ ሌላው በአካል። ኮግኒቲቭ መሃል ላይ ነው። ሂዩማኒስቲክ ብቻ ሰው ይመርጣል ይላል።

ዘዴ፦ ሦስቱ በቤተ ሙከራ ይስማማሉ፤ ቢሄቪየሪስትና ባዮሎጂካል በእንስሳት ላይ የተገኘውን ወደ ሰው ያሻግራሉ፣ ሂዩማኒስቲክ ይህን አይቀበልም። ኮግኒቲቭ የአንጎል ምስልን መጠቀም ከጀመረ ወዲህ ከባዮሎጂካሉ ጋር ያለው ድንበር ሳስቷል።

መደምደሚያ

ፍርድ ይሰጥ፤ «ሁሉም ጠቃሚ ናቸው» ነጥብ አያስገኝም። ፍርሃት እንዴት እንደሚጀምርና እንደሚወገድ ቢሄቪየሪስቱ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ለምን እባብን ከመኪና ይልቅ እንደምንፈራ ግን ባዮሎጂካሉ ሳይጨመር አይመልስም።

ጊዜ ካጠረ፦ መጀመሪያ የመንታዎቹ መስመር፣ ቀጥሎ ሎፍተስና ፓልመር ይቀሩ። ጋርሲያና የ2013ቱ ጥናት አይነኩ።